ስሜን ዘለው ላነበቡት የእድራችን ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ኃይለመለኮት
የደቻቱ ዳር ነዋሪዎች መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ በዚህ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ስኳርዎስ ወረደልዎት? ይልቁንም ስለ ድምፅዎ ማወቅ እሻለሁ፤ ያለ ድምፅ ማጉያ ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው፣ ሬሳ የሸኘ ሁሉ የሚያደንቀው ያ ድምፅ እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ እንዲቆይልዎ እጸልያለሁ። እኔ በድምፅዎ የደረሰብኝን ወደ ታች እገልጻለሁና ጸሎቴ የአሽሙር እንዳይመስልብኝ ከወዲሁ ይቅርታ።

«እርስዎ» እያልሁ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። በድሬ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው፤ እኔና እርስዎም በአንድ ሰፈር ስናረጅ ተባብለን የማናውቀውን ነው ዛሬ ያመጣሁት። ነገር ግን ባለፈው ዓመት አብሮ መኖር ምንም እንደማያስረዳ ከፍርድ ቤት ስለተማርሁ፣ በማስረጃ ያልተደገፈ ቅርበት ለማሳየት አልደፈርሁም። ለማያውቁኝ ደግሞ ራሴን ላስተዋውቅ። ሰርካዲስ እባላለሁ፤ ሰባን አልፌአለሁ፤ በልብስ ስፌት ኖርሁ፤ የቶርኖ ቤቱ የኃይለየሱስ ሚስት ነኝ። «ሚስት» የሚለውን ቃል የምጠቀመው በድፍረት ሳይሆን በፍርድ ነው።

ባለፈው እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ ድረስ መጥተው አንድ ነገር ለምነውኛል። ፍርድ ቤቱ የወሰነልኝን የቤቱን ግማሽ ለባሌ ወንድምና እህቶች በፈቃዴ እንድለቅ፣ እኔ ደግሞ እስክሞት ድረስ እንድኖርበት። መልሴን አስቤ እንድነግርዎ ጠይቀው ሄዱ። አሰብሁ። የእኔ ጉዳይ ከመነሻው በአደባባይ የተነበበ ስለሆነ መልሱም በአደባባይ ቢነበብ ሥርዓት መሰለኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመልሴ በፊት ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ቀብሩ ንባብ።

ኃይለየሱስ ዓምና በሚያዝያ ሲያርፍ እድሩ ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደውንም ሳያጓድል ስላቀረበ አመሰግናለሁ። እርስዎም የሟችን የሕይወት ታሪክ በዚያ ድምፅዎ ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ከአዳማ የመጣው የባሌ ወንድም ክፍሉ ነበር። እኔ መሬት ተቀምጬ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ነበርና ምን እንደተጻፈ አላየሁም፤ ሐዘንተኛ ሚስት ወረቀት አሳዩኝ አትልም፣ ነውር ነው።

የሕይወት ታሪክ አነባበብ ሥርዓቱን ሁላችን እናውቃለን። ከትውልዱ ይጀመራል፤ ትምህርቱና ሥራው ይከተላል፤ ከሥራው ቀጥሎ የትዳሩ ነገር ይመጣል። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ እንደነበሩ፣ እሱም ከልጅነቱ ብረት ሲቆርጥ እንዳደገ፣ የራሱን ቶርኖ ቤት ከፍቶ ስንቱን የባጃጅና የመኪና ዕቃ እንዳዳነ አነበቡ። ቀጥሎ የእኔ ተራ ስለሆነ ራሴን አዘጋጀሁ። ስሜ ሲጠራ ሴቶቹ ጮኸው ያለቅሳሉ፣ እኔም ደረቴን እመታለሁ ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ። እርስዎ ግን «ልጅ ባያፈራም ለወንድሙና ለእህቶቹ አባት ሆኖ የኖረ» ብለው ነፍስ ይማር አሉ። ሕዝቡም ነፍስ ይማር አለ። እኔም አብሬ ነፍስ ይማር አልሁ።

አፈርሁ። የሚያፍረው ማን መሆን እንዳለበት ሳልመረምር ቀድሜ እኔ አፈርሁ። የሰው ዓይን ወደ እኔ ዞር ሲል ራሴን ዝቅ አደረግሁ፤ የሰረቅሁ ይመስል። በሠልስቱ ዕለት ወደ እኔ ጠጋ ብለው ስህተት መሆኑን፣ ለአርባው እንደሚታረም በጆሮዬ ነገሩኝ። ግድ የለም አልሁዎ። ከሬሳ ማግስት ስሜ ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅ ለእኔ ከባሌ ይልቅ ለራስዋ ያዘነች መባል ነበር። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ነው፣ መድኃኒትም የለው። አርባው ደረሰ፣ አለፈ፤ የተስተካከለ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ስለ ማኅተሙ።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። እርስዎን ውሻ ለማለት አይደለም፣ ተረቱ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

አርባው ሳይወጣ ክፍሉና እህቶቹ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ አወጡ። ምስክሮቻቸው የሟች እናትና አባት በሕይወት እንደሌሉ፣ ልጅም እንደሌለው፣ ወንድምና እህቶቹ እነርሱ ብቻ እንደሆኑ አስረዱ። ይህን ስሰማ ዋሹ ብዬ ጮኼ ነበር፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ የምትሰጠው ጠበቃዬ ሃኒ ግን አረጋጋችኝና የማላውቀውን አሳወቀችኝ። አልዋሹም። በእኛ ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ልጅና ወላጅ የሌለውን ሰው የሚወርሱት ወንድምና እህቶቹ ናቸው። ሚስት የምትወስደው ውርስ ሳይሆን የራሷን ነው፤ በትዳር ውስጥ ከተፈራው ሁሉ ግማሹ ቀድሞም የእርሷ ነው፣ ወራሾች የሚካፈሉት የሟችን ግማሽ ብቻ ነው። ያን ለማግኘት ግን ሚስት መሆን አለብኝ። በቤቱ ካርታ ላይ ያለው ስም የኃይለየሱስ ብቻ ነው፤ ያ ችግር አልነበረም፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም በጋብቻ ውስጥ የመጣ ቤት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታልና። ችግሩ «በጋብቻ ውስጥ» የሚለው ነበር።

የተጋባነው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት የውል ወረቀት ነበረን፤ በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከኋላው ግድግዳ ጋር ሣጥኑን ይዞት ሄደ። ካርታውም አብሮ ሄዶ ነበር፤ የካርታው ግልባጭ ግን መዘጋጃ ቤት ስለነበረ ተመለሰ። የጋብቻችን ግልባጭ የትም አልነበረም። እናስመዝግበው ብዬ አንድ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። ኃይለየሱስ ሳቀብኝ፤ ፀጉራችን ሸብቶ ቀበሌ ገብተን ተጋባን ብንል የሰፈሩ ልጆች ምን ይሉናል አለ። እኔም ሳቅሁ። ማፈር እንዲህ በሳቅ ሲመጣ አይታወቅም።

ቀጥሎ መጥሪያው መጣ። በአቤቱታው ላይ የተጻፍሁት «ሟችን በማገልገል በቤቱ ተጠግታ የኖረች» ተብዬ ነው፤ ወራሾች ስለሆኑ ቤቱን ለቅቄ እንዳስረክባቸው ዳኝነት ጠይቀዋል። ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልናገርም። ለሃሊሞ እንኳ፣ ከጎረቤት ሁሉ ለምትቀርበኝ፣ ለቀናት አላሳየኋትም። እንደ ሠራተኛ መጻፌ አይደለም ያሳፈረኝ፣ ሠራተኛነት ነውር የለውም። የልብስ ስፌቴ ገንዘብ የገባበትን ግድግዳ ተደግፌ ተጠግታ የኖረች መባሌ ነው፤ ያንንም አንጀቱን የማውቀው፣ በየበዓሉ ከእኔ እጅ የበላ ክፍሉ መፈረሙ ነው።

ከአቤቱታው ጋር የተያያዘው ማስረጃ ደግሞ የእርስዎ ነበር። የቀብሩ የሕይወት ታሪክ፣ በእድሩ ማኅተም ተረጋግጦ። የማኅተሙ ክብ ምን ያህል ደምቆ እንደወጣ ሳላደንቅ አላለፍሁም። ሌላ ጊዜ የማኅተሙ ቀለም ደርቋል ይሉን ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ ገለልተኛነትዎ።

ፍርድ ቤቱ ጭብጥ ያዘ፤ በሟችና በእኔ መካከል ጋብቻ ነበር ወይስ አልነበረም? የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ጋብቻውን በሁኔታ ማስረዳት ይችላል። ሃኒ እንዳስረዳችኝ፣ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን ባልና ሚስት አድርገው ከኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ ካያቸው፣ ሕጉ ጋብቻ አለ ብሎ ይቀበላል፤ ይህን የሚያስረዱት ምስክሮች ናቸው። ቀበሌ ሄድሁ። በቤቱ ነዋሪ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ያልተመዘገበ ጋብቻ ላይ ግን መጻፍ አንችልም አሉ። ሕጋቸው ነው፣ አልተቀየምሁም። ትዳራችንን የሚያውቁት የንስሐ አባታችን ከኃይለየሱስ ቀድመው አርፈዋል።

ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣሁ። በደጅዎ ቆሜ ምስክር እንዲሆኑኝ ስለምንዎ ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። ሚስት ነበረች ብለህ መስክርልኝ ብሎ መለመን ለአንዲት አሮጊት ምን ማለት እንደሆነ፣ እግዜር አያሳይዎ። እርስዎም «እድር በሰው ትዳር አይገባም» አሉኝ። ሁለቱም ወገን ሐዘንተኛ ነው፣ ሰብሳቢ ወደ አንዱ ሊያደላ አይገባውም፣ እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። እግዚአብሔር ማወቁን አልተጠራጠርሁም፤ መጥሪያ የሚደርሰው ስላልሆነ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ የእድሩን አባላት ስጠይቅ ሁሉም የእርስዎን ቃል መለሱልኝ። እድር በሰው ትዳር አይገባም። አንደኛዋ ይህን ስትለኝ በእጄ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ ነበር።

አራተኛ፦ በችሎት ስለ መገኘትዎ።

ምስክርነት የነፈጉኝ ሰው በቀጠሮው ቀን ችሎት ገብተው ከኋላው ወንበር ላይ፣ ከክፍሉ ወገን ጋር ተቀምጠው ሳይ መጀመሪያ ደነገጥሁ። አሁን ግን ስለመጡ ከልቤ አመሰግናለሁ። ባይመጡ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከየት እንደሆነ አላውቅም።

ሦስቱ ምስክሮቼ ቀደም ብለው ተሰሙ። ከእነርሱ አንዱ ከኃይለየሱስ ጋር በቶርኖ ቤቱ የሠራው ወርሳሜ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ከቀፊራ ገበያ የስፌት ደንበኞቼ ናቸው። ባልና ሚስት መሆናቸውን እናውቃለን አሉ። የክፍሉ ጠበቃ በምን ታውቃላችሁ ሲላቸው በአንድ ቤት ስለሚኖሩ ብለው መለሱ። ተጠግቶ የሚኖርም በአንድ ቤት ይኖራል አለ ጠበቃው፣ በትሕትና። ከዚያ የእርስዎን ወረቀት አነሳ። ኅብረተሰቡ እንደ ሚስት ቢያያት ኖሮ፣ የሟች ታሪክ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያለ እርሷ ስም ሲነበብ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አልተቃወመም? እርሷ ራሷስ ለምን ዝም አለች? ዳኛዋ ወደ እኔ ተመለከተች። ነውር ስለሆነ ነው ማለት አቃተኝ። በለቅሶ ላይ መናገር ነውር መሆኑ የት ተጽፎ ይቀርባል? የሰፈሩ ሁሉ ጨዋነት፣ የእኔም ጨዋነት፣ ተጠቅልሎ በእኔ ላይ ማስረጃ ሆነ።

የመጨረሻዋ ምስክሬ ሃሊሞ ነበረች። ሃሊሞ የእድራችን አባል አይደለችም፤ የራሷ አፎሻ አላት፣ ለቅሶዋም ሠርጓም በዚያ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ገለልተኛነት አይመለከታትም። ጠበቃው ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት፤ በምን ታውቂያለሽ?

«አቦ፣ ወረቀታቸውን አላየሁም» አለች። «እኔ ያየሁት ጠባቸውን ነው።»

 ምን ልትናገር እንደሆነ አወቅሁ፤ እንድትተወው በዓይኔ ለመንኋት፣ ወላሂ ብላ ከማለች ወዲያ ግን ሃሊሞን የሚያቆማት የለም። ያን ነገር እኔና ኃይለየሱስ ከታረቅንበት ቀን ጀምሮ በመካከላችን እንኳ አንስተነው አናውቅም። ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስቱም አልቆመልኝም። የባሌ እናት ዘር ሳላይ ልሙት ወይ እያሉ ሲነዘንዙት ከርመው፣ አንድ ምሽት ከሌላ ሴት ልጅ ወልዶ ቢያመጣ አሳድገው እንደሆነ ጠየቀኝ። ነጠላዬን አንሥቼ ሃሊሞ ቤት ገባሁ። ረመዳን ነበር፤ እርሷ እየጾመች ለእኔ ምሳ ታቀርብልኝ ነበር፣ እኔም በዚያ ላይ አፍር ነበር። ይህን ሁሉ፣ ፅንሶቼን ጭምር፣ ሃሊሞ ለዳኛ፣ ለጸሐፊ፣ ተራውን ለሚጠብቅ ባለጉዳይ ሁሉ ተናገረች። የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መውለድ ያልቻለች መሆኔ ሚስት መሆኔን ለማስረዳት ሲቀርብ ማየት ለጠላቴም አልመኝም።

ሃሊሞ ግን አልጨረሰችም ነበር። ኃይለየሱስ ሽማግሌ ልኮ ለመነኝ፣ ሽማግሌዎቹም በእኔ ምንጣፍ ላይ ነው የተቀመጡት አለች። አንዱ ክፍሉ ነበር። ዞር ብላ በጣቷ አሳየችው። «አንተ አይደለህም እንዴ? ዳግመኛ ቢያስቀይማት እኔ ዋስ ነኝ ብለህ የወሰድካት?» አለችው። ቀጥላ ጣቷን ወደ ኋላው ወንበር አነሣች። «ያም ሰውዬ ነበረ። መራቂው እሱ ነው።»

እርስዎን ነበር፣ ክቡር ሆይ። ምናልባት በዚያ ቀን ዕድሜዎ ለምርቃት ገና ስለነበር ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁም። ትዳራችሁን ያጥናው ብለው ነው የመረቁን። ይህን በደጅዎ ስለምንዎ አላነሣሁትም፤ ያነሣሁት ቢሆን የጠባችንን ምክንያት ማንሣት ነበረብኝና እርስዎም እኔም እንዳናፍር ብዬ ተውሁት። እርስዎም በዚሁ ምክንያት ዝም እንዳሉኝ አድርጌ ለማሰብ ብዙ ሞክሬአለሁ።

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ ክፍሉን አስነሣችውና እውነት መሆኑን ጠየቀችው። ክፍሉ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው ልል አልችልም፤ ነገር ግን ሃሊሞ ዓይኑን እያየችው፣ እርስዎም ከኋላው ሆነው፣ አልሄድሁም ማለት አቃተው። ለማስታረቅ ሄጄ ነበር አለ። ዳኛዋ ድምፅዋን ሳታነሣ ጠየቀችው፦ «ማንን ከማን ልታስታርቅ?»

ክፍሉ ዞር አለ። ወደ ጠበቃው አየ፣ ጠበቃው ወረቀቱን አየ። ለተጠጋ ሰው ሽማግሌ አይላክም፣ ለሠራተኛ ዋስ አይቆምም። ሌላ ቃል ሲፈልግ አየሁት፤ አጣ።

«ወንድሜን ከሚስቱ» አለ።

ዳኛዋ ብዕሯን አንሥታ ጻፈችው። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አለቀስሁ፤ ለክፍሉም አፈርሁለት። ጎረምሳ ሆኖ ቤቴ ሲመጣ ሸሚዙን የሰፋሁለት ልጅ ነው። እርስዎ ቀና ብለው ማራገቢያውን ሲመለከቱ ነበር።

ፍርዱ በቀጠሮው ተነበበ። ጋብቻው በሁኔታ ተረጋግጧል፤ ቤቱ ከጋብቻው በኋላ የተሠራ ስለሆነ የግሉ መሆኑን ያስረዳ የለም፣ የጋራ ነው፤ ግማሹ የእኔ፣ የሟች ድርሻ የሆነው ግማሽ ደግሞ የወራሾቹ። ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ለካ። ሁለት ክፍል ስለሆነና ለእያንዳንዱም የራሱ በር ሊከፈትለት ስለሚችል ሊካፈል ይችላል፤ ባይችል ኖሮ አንዳችን የሌላውን ድርሻ መግዛት፣ አለዚያም በጨረታ መሸጥ ነበረበት። በመካከለኛው በር ላይ ግንብ ተሠርቶ ይዘጋል። እኔ ወደ ወንዙ ያለውን ክፍል ወሰድሁ፣ እነርሱ ወደ መንገዱ ያለውን። ከእነርሱ ድርሻ ላይ አንዲት ድንጋይ አልተመኘሁም፤ ወንድማቸው ነው፣ ይገባቸዋል። ገና ከጅምሩ ይህንኑ ቢጠይቁኝ ቁልፉን ራሴ እሰጣቸው ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ ሽምግልናዎ።

በሰው ትዳር የማይገባ እድር በሰው ርስት እንዴት እንደገባ ለመጠየቅ ዕውቀቴ አይፈቅድልኝም። እሑድ ዕለት የተናገሩትን ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ግንቡ ከተሠራ ሰው ምን ይላል አሉ። የኃይለየሱስ ዘመዶች ከአሮጊት ጋር ቤት ተካፈሉ ተብሎ ስማቸው ይጠፋል፣ ክፍሉ በአዳማም በድሬም ቀና ብሎ መሄድ ያቅተዋል አሉ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ በዚያ በለቅሶ ድምፅዎ፣ «መቼም የምታወርሺው የለሽም» አሉኝ።

እውነትዎን ነው። የማወርሰው ልጅ የለኝም፤ ይህን ካሁን በፊት በችሎት የሰማሁት ስለሆነ እንደ አዲስ አላስደነገጠኝም። አብረዎት የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን መሬት መሬት ሲያዩ አስተውያለሁ። ለእርስዎም እንደ ለመድሁት ቀድሜ ላፍርልዎ ሞከርሁ፤ ግን ጨርሼዋለሁ መሰል አልመጣልኝም።

ስለ ልመናዎ ያሰብሁትን ልንገርዎ። እስክትሞቺ ኑሪበት የሚባለው ተጠግታ ለኖረች ሴት ነው። ያን እሺ ብል፣ ክፍሉ በችሎት ፈልጎ ያጣውን ቃል በእጄ ሰጠሁት ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሃሊሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፅንሶቼን የቆጠረችው በከንቱ ይሆናል። ከሰው ሁሉ ፊት ራቁቴን የቆምሁበትን ፍርድ፣ ክፍሉ እንዳያፍር ብዬ አልመልስም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ ባለቤቱ ነኝ።

ስለዚህ ግንቡ ይሠራ። ሳይለሰን፣ ቀለምም ሳይቀባ ቢቀር ግድ የለኝም። በእኔ በኩል ያለው ገጽታ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ይሆናል፤ ቀና ባልሁ ቁጥር አየዋለሁ፣ አየዋለሁም ብዬ ወስኛለሁ። በዚያ በኩል ያለውን ደግሞ የሚያይ ይየው። ከእንግዲህ የሚያሳፍረውን ሁሉ ለብቻዬ ተሸክሜ ሌላውን ሰው በጨዋነቴ የማስጌጥ ዐቅም የለኝም። አርጅቻለሁ፣ ትከሻዬም ደክሟል።

ክፍሉ ግን በበዓል ቢመጣ በሩ በእኔ በኩል ክፍት ነው፤ ይህን ስለእኔ ይንገሩልኝ፤ የወንድሙ ሚስት ነኝና እቀበለዋለሁ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ ለደከሙልኝ ድካም ሁሉ እንደ ሥራዎ እንዲከፍልዎ አምላክን በመለመን እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሰርካዲስ
በፍርድ ቤት ውሳኔ የኃይለየሱስ ሚስት

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ለአቶ ክፍሉ፣ አዳማ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሶፊ እሑድ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ በጓሮ በር መጥታ ነበር። ከእርስዎ ጋር በተጋባችሁበት ቀን የተጻፈው ወረቀት የት እንዳለ ጠይቃዎት፣ ወረቀት እንደሌላችሁ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቃችሁም እንደነገሯት ገልጻልኝ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ማክሰኞ አብረን ወደ ጋብቻ ምዝገባው ሄደን ጠየቅን። የቆየ ጋብቻም ይመዘገባል፤ የሚያስፈልገው ሁለታችሁም መታወቂያና ፎቶግራፍ ይዛችሁ በአካል መቅረባችሁና ምስክሮች ናቸው። ሶፊ ፎቶግራፏን ተነሥታ ጨርሳ፣ መቼ ትመጣለህ ብላ እርስዎን መጠየቅ አፍራ ተቀምጣለች። ስለ ምስክር አይጨነቁ፤ እኔ ሳልለመን እመጣለሁ።